ማለዘቢያ ሐረጎችን ከሪፖርት ማውጣት፦ ድምዳሜው ከማስረጃው ሳያልፍ

የፕሮጀክት ግምገማ ሪፖርቶችን የሚያነብ ሰው «ሊሆን ይችላል»፣ «ይገመታል»፣ «ለማለት ይቻላል»፣ «በተወሰነ ደረጃ» የሚሉ ሐረጎች በየዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ተሰልፈው ያገኛቸዋል። አንባቢው ምን እንደተገኘና ምን እንዳልተገኘ መለየት ስለሚያቅተው አርታዒው ሐረጎቹ እንዲወጡ ያዛል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሐረጎቹ እንዲሁ ሲሰረዙ ዓረፍተ ነገሩ ጠንካራ ይሆናል፣ ማስረጃው ግን በነበረበት ይቀራል። ይህ መመሪያ የሚያሳየው ሐረጎቹ በሚወጡበት ጊዜ የያዙት ጥርጣሬ እንዳይጠፋ ወደ ሌላ የዓረፍተ ነገሩ ክፍል እንዴት እንደሚዛወር ነው። አሠራሩን ለማሳየት ስል ያዘጋጀሁትን አንድ የምሳሌ አንቀጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንከተላለን፤ ቁጥሮቹም ለማሳያ የተሰጡ ናቸው።

አንቀጹ በአንድ ወረዳ ስለተሠሩ የውኃ ቦኖዎች ከተጻፈ የግምገማ ሪፖርት ውስጥ የወጣ ነው እንበል፦

«በአራቱ ቀበሌዎች የተገነቡት የውኃ ቦኖዎች ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን የተቅማጥ በሽታ በተወሰነ ደረጃ ለመቀነስ አስተዋጽኦ ሳያደርጉ እንዳልቀሩ ይገመታል። ከጤና ኬላዎች በተገኘው መረጃ መሠረት የሕሙማን ቁጥር ወደ 30 በመቶ ገደማ ቀንሷል ለማለት ይቻላል። ብዙ እናቶችም የቦኖ ውኃ በመጠቀማቸው የልጆቻቸው ጤና በአንጻራዊነት የተሻሻለ ይመስላል። ይህም ፕሮጀክቱ ምናልባት ወደ ሌሎች ቀበሌዎች ቢሰፋ ውጤታማ ሊሆን እንደሚችል ያመላክታል።»

ሐረጎቹን ብቻ የሚሰርዝ አርታዒ የሚያገኘው ውጤት የሚከተለው ነው፦ «የውኃ ቦኖዎቹ የተቅማጥ በሽታን በ30 በመቶ ቀንሰዋል። የልጆች ጤና ተሻሽሏል። ፕሮጀክቱ ወደ ሌሎች ቀበሌዎች ሲሰፋ ውጤታማ ይሆናል።» አጭርና ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ከሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች አንዱንም ማስረጃው አይደግፈውም። የመጀመሪያው ጽሑፍ ቢያንስ ጸሐፊው እንደተጠራጠረ ይናገር ነበር።

አንደኛ፦ ምንም ከመሰረዝ በፊት ማስረጃውን ከጽሑፉ ጎን ያስቀምጡ

የማረም ሥራ የሚጀመረው ከቃላቱ ሳይሆን ከመረጃው ነው። ለእያንዳንዱ ድምዳሜ መነሻ የሆነውን ሰንጠረዥ፣ መዝገብ ወይም የቃለ መጠይቅ ማስታወሻ ያውጡና በአንድ ገጽ ላይ በአጭሩ ይጻፉት። በምሳሌያችን ገጹ የሚከተለውን ይይዛል። በአራቱ ቀበሌዎች ጤና ኬላዎች በተቅማጥ ምክንያት የተመዘገቡት ሕፃናት ከጥር እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. 412 ነበሩ፤ ቦኖዎቹ በታኅሣሥ 2016 ሥራ ከጀመሩ በኋላ ከጥር እስከ ሰኔ 2016 ደግሞ 289 ሆነዋል። ከአራቱ ጤና ኬላዎች አንዱ የግንቦትና የሰኔ 2016 ሪፖርት አልላከም። ቦኖ ባልተሠራባቸው ሦስት አጎራባች ቀበሌዎች በተመሳሳይ ወራት የተመዘገቡት ከ380 ወደ 323 ወርደዋል፤ ይህ ቁጥር በአባሪው ውስጥ ቢኖርም በዋናው ጽሑፍ አልተጠቀሰም። ቃለ መጠይቅ የተደረገላቸው እናቶች 60 ሲሆኑ ሁሉም የተገኙት በቦኖዎቹ ላይ ውኃ ሲቀዱ ነው፤ ከእነሱም 42ቱ ልጆቻቸው ከአምናው ያነሰ ጊዜ በተቅማጥ እንደታመሙ ተናግረዋል። ስለ ሌሎች ቀበሌዎች የውኃ ሁኔታ የተሰበሰበ ነገር የለም።

ይህን ገጽ ሳይዙ ማረም የጀመረ ሰው የሚያርመው በጆሮው ነው፤ ለጆሮ ደግሞ ያልተደገፈው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ከተደገፈው ይልቅ ያምራል። አርታዒው ከጸሐፊው የተለየ ሰው ከሆነ ገጹን ጸሐፊው እንዲያዘጋጅለት መጠየቅ አለበት፣ ማዘጋጀት ካልቻለም ማረሙን ማቆም ይሻላል።

ሁለተኛ፦ ሐረጎቹን ፈልገው ምልክት ያድርጉባቸው

በዚህ ደረጃ ምንም አይሰረዝም፤ በቀለም ማቅለም ብቻ ይበቃል። በኮምፒውተር ሲፈልጉ ሙሉውን ቃል መጻፍ አያዋጣም፣ ምክንያቱም የአማርኛ ግስ ከፊትም ከኋላም ፊደል እየጨመረ መልኩን ይለዋውጣል። «ይችላል» ብሎ የፈለገ ሰው «እንደሚችል»ንና «የሚችሉ»ን ያልፋቸዋል። ስለዚህ «ችላ»፣ «ችል»፣ «ችሉ»፣ «ቻላ» እና «ቻል» የሚሉትን ቁርጥራጮች ለየብቻ ይፈልጉ፤ እንዲሁም «ገመታ»፣ «ገመት»፣ «መስላ»፣ «መስል»፣ «ታመና»፣ «አይቀር»፣ «ልቀረ»፣ «ልቀሩ»፣ «ምናልባት»፣ «ገደማ»፣ «በተወሰነ»፣ «በአንጻራዊ» የሚሉትን። በመጨረሻው ላይ የፊደል ምርጫ ስለሚለያይ «በአንፃራዊ» ብሎ ደግሞ መፈለግ ያስፈልጋል።

የተገኘው ሁሉ ማለዘቢያ አይደለም። «ነዋሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ውኃ መቅዳት ይችላሉ» የሚለው ስለ አቅም ይናገራል እንጂ ስለ ጥርጣሬ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ሳይነኩ ይለፉት። በተቃራኒው አንድ ግስ ሳይኖራቸው ጥርጣሬ የሚሸከሙ ቃላት አሉ፤ «ብዙ»፣ «አንዳንድ»፣ «በርካታ» ከእነዚህ ዋነኞቹ ናቸው፣ እነሱንም አብረው ያቅልሙ።

ሦስተኛ፦ ለእያንዳንዱ ሐረግ «እዚህ ላይ የሚጠረጠረው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ

ይህ የሥራው ልብ ነው፤ ከሌሎቹ ደረጃዎች ሁሉ የሚበልጥ ጊዜም ሊሰጠው ይገባል። መልሱ ከሦስት አንዱ ይሆናል።

አንዳንዱ ሐረግ ምንም ጥርጣሬ የለውም፤ ከልማድ ወይም ከትሕትና የመጣ ነው። «ቀንሷል ለማለት ይቻላል» በሚለው ውስጥ 412 እና 289 በመዝገብ ላይ የሰፈሩ ቁጥሮች ናቸው፤ የተመዘገበው ቁጥር መውረዱን የሚጠራጠር የለም። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ሐረጉ ከወጣ በኋላ የወረዳው የጤና መረጃ ባለሙያ መዝገቡን ይዞ ዓረፍተ ነገሩን መቃወም ይችላል ወይ? መቃወም ካልቻለ ሐረጉ ባዶ ነበርና ይሰረዛል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሉ ሐረጎች የሚበዙት ጸሐፊው አለቃውን ወይም ገንዘብ ሰጪውን ላለማስቀየም ሲጠነቀቅ ነው፤ ፍርሃት ግን የማስረጃ ጉድለት ስላልሆነ በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሌላው ሐረግ ስም ያለው ጥርጣሬ ይደብቃል። «ወደ 30 በመቶ ገደማ» የሚለውን እንመልከት። ከ412 ወደ 289 ያለው ቅናሽ 123 ነው፤ ይህም 30 በመቶ ይሆናል፣ «ገደማ» የሚያሰኝ ነገር በስሌቱ ውስጥ የለም። ታዲያ ጸሐፊው ለምን «ገደማ» አለ? አንዱ ጤና ኬላ የሁለት ወር ሪፖርት እንዳልላከ ስለሚያውቅ ነው። ያልተላከው ሪፖርት የ2016ን ቁጥር ከእውነቱ ዝቅ አድርጎታል፤ ማለትም 30 በመቶው የተጋነነ ነው። «ገደማ» የምትለው ቃል ግን አንባቢውን ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል ብላ ታሳስተዋለች፣ ስህተቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያዘነብል አትነግረውም። እንዲህ ያለው ጥርጣሬ በማለዘቢያ አይታከምም፤ ስሌቱ እንደገና ይሠራል። ሪፖርቱን ያጓደለውን ጤና ኬላ ከሁለቱም ዓመታት ስናወጣ የቀሩት ሦስቱ ከ318 ወደ 241 ወርደዋል፤ ቅናሹ 24 በመቶ ነው። ለአራት ወራት የአራቱንም ጤና ኬላዎች ቁጥር ማወዳደርም ይቻል ነበር። የትኛውም ቢመረጥ ምርጫው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይገለጻል።

«ብዙ እናቶች» የሚለውም ስም ያለው ጥርጣሬ ነው፤ 60 እናቶች፣ 42 መልሶች፣ ሁሉም በቦኖ ላይ የተገኙ። እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም «ብዙ» ወይም «አንዳንድ» የሚለው ቃል እንዲሁ ሲሰረዝ የሚቀረው «እናቶች» የሚለው ስም በአማርኛ እናቶችን ሁሉ ያቅፋል። ስለዚህ የመጠን ቃል አይሰረዝም፤ በቁጥር ይተካል እንጂ።

የመጨረሻው ዓይነት በቁጥርም በወሰንም ሊተካ የማይችል እውነተኛ ጥርጣሬ ነው። ቦኖዎቹ ለቅናሹ ምክንያት ናቸው ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይመደባል። ቦኖ በሌላቸው ቀበሌዎችም ቁጥሩ በ15 በመቶ ወርዷል፤ ስለዚህ ቦኖ የማይጠይቅ ሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ የዝናቡ ሁኔታ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የቤት ለቤት ትምህርት፣ በሁሉም ቀበሌዎች ሠርቶ ይሆናል። በ24 እና በ15 መካከል ያለውን ልዩነት ይዞ «የቦኖዎቹ ድርሻ ይህ ነው» ማለትም አይቻልም፤ የተወዳደሩት ሦስት ቀበሌዎች ከሦስት ቀበሌዎች ጋር ናቸው፣ የሕሙማን ቁጥርም ያለ ምንም ፕሮጀክት ከዓመት ዓመት ከፍ ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ «ሊሆን ይችላል» ይቆያል። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ብቻ። «በተወሰነ ደረጃ… አስተዋጽኦ ሳያደርጉ እንዳልቀሩ ይገመታል» በሚለው ውስጥ አራት ማለዘቢያዎች ተደራርበዋል፤ አራቱ አንድ ላይ ሆነው ከአንዱ የበለጠ የሚናገሩት ነገር የለም፣ «ይገመታል» ደግሞ የገመተውን ሰው ይሰውራል።

አራተኛ፦ ጥርጣሬውን ወደ ባለቤቱ ቦታ ያዛውሩት

ጥርጣሬው ስለ ወሰን ከሆነ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይገባል፤ «የሕሙማን ቁጥር» የሚለው «ወደ ጤና ኬላ የመጡ ሕፃናት ቁጥር» ይሆናል፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ታመው የዳኑት በመዝገቡ የሉም። ጥርጣሬው ስለ ምንጭ ከሆነ ተናጋሪው ይጠቀሳል፤ «የተሻሻለ ይመስላል» የሚለው «ነግረውናል» ይሆናል። ጥርጣሬው ስለ መጠን ከሆነ ሁለቱም ቁጥሮች ይቀመጣሉ፤ መነሻው ካልተጻፈ 24 በመቶ ከ318 ይሁን ከ25 ሕሙማን አይታወቅም። የምሳሌው አንቀጽ በዚህ መንገድ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«ቦኖ ከተሠራባቸው አራት ቀበሌዎች ሙሉ ሪፖርት ባላቸው ሦስቱ፣ በተቅማጥ ምክንያት ወደ ጤና ኬላ የመጡ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ቁጥር ከጥር እስከ ሰኔ 2015 ከነበረበት 318 በ2016 ተመሳሳይ ወራት ወደ 241 ወርዷል፤ ቅናሹ 24 በመቶ ነው። ቦኖ በሌላቸው ሦስት አጎራባች ቀበሌዎችም ቁጥሩ ከ380 ወደ 323፣ ማለትም በ15 በመቶ ወርዷል። በመሆኑም ቅናሹን በሙሉ የቦኖዎቹ ውጤት አድርጎ መውሰድ አይቻልም፤ በሁለቱ መካከል ለታየው ልዩነት ግን ቦኖዎቹ አንዱ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። በቦኖዎቹ ላይ ካነጋገርናቸው 60 እናቶች 42ቱ ልጆቻቸው ከአምናው ያነሰ ጊዜ በተቅማጥ እንደታመሙ ነግረውናል፤ ቦኖ የማይጠቀሙ እናቶች አልተጠየቁም። ፕሮጀክቱ ወደ ሌሎች ቀበሌዎች ቢሰፋ ምን ውጤት እንደሚኖረው ይህ ግምገማ አልመረመረም።»

አዲሱ አንቀጽ ከመጀመሪያው ረዝሟል። ይህ ሊያሳስብ አይገባም፤ ባዶ ሐረጎች ከወጡ በኋላ የሚገኘው ትርፍ ቦታ ለእንዲህ ያሉት ዓረፍተ ነገሮች ቢውል ተገቢ ነው። ማጠር ያለባቸው የመግቢያና የታሪካዊ ዳራ ገጾች ናቸው፣ እዚያ ያሉት «እንደሚታወቀው» እና «ተብሎ ይታመናል» አብዛኛውን ጊዜ ከባዶዎቹ ይመደባሉ። ስለ ማስፋፋት የተነገረው የመጨረሻው ድምዳሜም ምንም መረጃ ስላልነበረው አልለዘበም፤ ወጥቷል። በ«ምናልባት» እና በ«ሊሆን እንደሚችል» ተደግፎ የቆመ ነገር ድጋፉ ሲነሳለት ምን እንደሚቀረው ማየት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ድምዳሜ ያጋልጣል።

አምስተኛ፦ ግሱንና ተሳቢውን ይመርምሩ

ማለዘቢያ ሲወጣ ዓረፍተ ነገሩን ጠንካራ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ የሚለወጠው ግስ ነው። አማርኛ «ቀነሰ»ን ለሁለት ሥራ ይጠቀምበታል። «ተቅማጥ ቀንሷል» ስንል የታየውን እንናገራለን፤ «ቦኖዎቹ ተቅማጥን ቀንሰዋል» ስንል ግን ምክንያቱን እናውጃለን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የባለቤቱ መለወጥና አንዲት «ን» ናት። ስለዚህ ከማረም በኋላ ፕሮጀክቱ ባለቤት ሆኖ የመጣባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ለይተው ያንብቡ፤ ማስረጃው የጊዜ ቅደም ተከተልን እንጂ ምክንያትን ካላሳየ ባለቤቱ የተለካው ነገር ይሁን። «በዚህ ምክንያት»፣ «በዚህ ሳቢያ» እና «በማድረጉ» የሚሉትም ልክ እንደ ግሱ ምክንያትን ይናገራሉ፤ «ከዚህ በኋላ» ግን ጊዜን ብቻ ይናገራል። «ተከትሎ» በመካከል የቆመ ስለሆነ አንባቢ እንደ ምክንያት ሊወስደው ይችላልና እኔ ባልጠቀምበት እመርጣለሁ።

አሉታዊ ድምዳሜም እንዲሁ ይሳሳታል። «ለውጥ የታየ አይመስልም» የሚለው ሲታረም «ለውጥ የለም» ከሆነ ጥቂት መረጃ ስለ ጠቅላላው እውነት የተናገረ ያህል ይሆናል፤ «ባየናቸው ሦስት ቀበሌዎች ለውጥ አልታየም» ቢባል ግን የታየውን ይናገራል። በዚሁ ንባብ ላይ «በእጅጉ»፣ «በከፍተኛ ሁኔታ» እና «በግልጽ» የሚሉትን ማጋነኛዎችም ያውጡ። ማለዘቢያውና ማጋነኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እርስ በርሳቸው ተመዛዝነው ይኖራሉ፤ አንዱ ብቻ ከወጣ ሚዛኑ ወደ ሌላው ያደላል።

ስድስተኛ፦ የቀሩት ማለዘቢያዎች አንድ ዓይነት ትርጉም እንዲኖራቸው ያድርጉ

ሳይወጡ የቀሩት ጥቂቶች በመላው ሪፖርት ውስጥ ተመሳሳይ ክብደት ሊኖራቸው ይገባል። በአማርኛ «ሳይሆን አይቀርም» ከ«ሊሆን ይችላል» ይከብዳል፤ ነገር ግን ሁለቱን አንባቢዎች ምን ያህል እንደሚያራርቋቸው አይታወቅም። በአሜሪካ የስለላ ተቋም ይሠራ የነበረው ሸርማን ኬንት ይህን በተግባር አይቶታል። በ1951 እ.ኤ.አ. በዩጎዝላቪያ ላይ ጥቃት የመሰንዘሩ ነገር ብርቱ ዕድል አለው የሚል ግምገማ ከወጣ በኋላ፣ ጽሑፉን አብረው ያዘጋጁትን ባልደረቦቹን ስንት በመቶ ማለታቸው እንደሆነ ቢጠይቃቸው መልሳቸው ከ20 እስከ 80 በመቶ ተለያየ። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል ለጸሐፊዎቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቃል የቁጥር ወሰን የሰጠው ከዚህ ዓይነቱ ግራ መጋባት ለመዳን ነው፤ ለምሳሌ የመሆን ዕድሉ ከ66 በመቶ በላይ ለሆነ ነገር አንድ ቃል፣ ከ90 በመቶ በላይ ለሆነ ሌላ ቃል መድቧል።

ለወረዳ ግምገማ እንዲህ ያለ የመቶኛ ሰንጠረዥ አልመክርም፤ ዕድሉን በቁጥር የሚያሰላ መረጃ በሌለበት መቶኛ መመደብ ራሱ ማጋነን ይሆናል። የሚበቃው ሁለት ሐረጎችን መርጦ በመግቢያው ላይ መተርጎም ነው። «ሊሆን ይችላል» የሚለው ማስረጃው የማይቃረነው ግን በቀጥታ የማያሳየው ነገር ሲሆን፣ «ሳይሆን አይቀርም» ደግሞ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ምንጮች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጠቁሙ ብቻ ይጠቀሙበት።

ሰባተኛ፦ በሌላ ሰው ንባብ ይፈትኑት

መረጃውን ለማያውቅ አንድ ባልደረባ የታረመውን አንቀጽ ብቻ ይስጡትና ሪፖርቱ ምን እንደሚል በራሱ ቃል እንዲነግርዎት ይጠይቁት። በምሳሌያችን «ቦኖዎቹ ተቅማጥን በ24 በመቶ ቀነሱ» ብሎ ከመለሰ አንቀጹ አሁንም ከማስረጃው በላይ ይናገራል ማለት ነው፤ የአጎራባች ቀበሌዎቹ ቁጥር ከ24 በመቶው ጋር ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር መጠጋት አለበት። «ቦኖዎቹ ምንም አልጠቀሙም» ካለ ደግሞ ከሚገባው በላይ ለዝበናል። ከዚያም ሥራውን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ከመጀመሪያው ደረጃ የማስረጃ ገጽ ጋር እያስተያየ እያንዳንዱን ቁጥር ያረጋግጥ።

ይህ ፈተና ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የማጠቃለያው ገጽ ነው። ጸሐፊዎች ገደቦችን ሁሉ «የጥናቱ ውስንነቶች» በሚል ክፍል ሰብስበው ከ40ኛው ገጽ በኋላ ያስቀምጧቸዋል፤ ውሳኔ የሚሰጠው ኃላፊ የሚያነበው ግን ማጠቃለያውን ነው፣ ለስብሰባ የሚገለበጠውም ከዚያው ነው። ስለዚህ 24 በመቶ በተጻፈበት ቦታ ሁሉ፣ በሠንጠረዥ ርእስም ሆነ በስላይድ ላይ፣ የ15 በመቶው ቅናሽና «ሙሉ ሪፖርት ባላቸው ሦስት ቀበሌዎች» የሚለው ወሰን አብረው መጻፍ አለባቸው፤ ቦታ ካልበቃ ቁጥሩን ጭምር አውጥቶ «ቅናሽ ታይቷል፤ ቦኖ በሌላቸው ቀበሌዎችም ቁጥሩ ወርዷል» ብሎ መተው ይሻላል።